የሌሊት ተረኛ ገበታ፦ በሸሕዲ ቆላ መቼ ይበላል፣ ምን ይበላል

ቀን 7 ሰዓት ላይ የተበላ እንጀራና ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የተበላ እንጀራ በመሶብ ላይ አንድ ናቸው፤ ሆድ ከገቡ በኋላ ግን አንድ አይደሉም። ከሌሊቱ እንጀራ የሚወጣው ስኳር ደም ውስጥ ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ቶሎም አይወርድም። ጨጓራም ምግቡን ወደ አንጀት የሚያወርደው ዘግይቶ ነው። ሌሊት የሚሠራ ሰው ጠዋት ሆዱ ተነፍቶ፣ አፉ መሮት፣ እንቅልፍ እያዳፋው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ አልጋው ላይ ሲገላበጥ የሚያረፍደው ሥራው ስለከበደው ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የምግቡ ሰዓትም እጅ አለበት።

ነገሩ የሚጀምረው ከሰውነት ሰዓት ነው። ሁለቱ የዓይን ነርቮች ከሚሻገሩበት ቦታ ከፍ ብሎ፣ አንጎል ውስጥ፣ ብርሃንና ጨለማን እየተከተለ ቀንና ሌሊትን የሚለይ ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ አለ። ዋናው ሰዓት እሱ ነው። ነገር ግን ጉበት፣ ቆሽት፣ አንጀትና ጡንቻም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ እነዚህ ደግሞ ከብርሃን ይልቅ ምግብ የሚገባበትን ጊዜ ይከተላሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለጀፍሪ ሆል፣ ለማይክል ሮዝባሽና ለማይክል ያንግ የተሰጠው ይህ ሰዓት በሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚቆጥር በፍራፍሬ ዝንብ ላይ መርምረው ስላሳዩ ነበር። ቀን ሠርቶ ሌሊት በሚተኛ ሰው ዘንድ ሁሉም ሰዓቶች ተስማምተው ይሄዳሉ። ሌሊት እየሠራ ሌሊት በሚበላ ሰው ግን አንጎሉ «ሌሊት ነው» ሲል ጉበቱ «ቀን ሆኗል» ይላል። የአንጎሉ ሰዓት በጥቂት ቀናት የሌሊት ተራ አይገለበጥም፤ ጠዋት ወደ ቤት ሲሄድ የሚያገኘው ፀሐይ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ቆሽትም ሌሊት ኢንሱሊን የሚያመነጨው ቀን ከሚያመነጨው አነስ አድርጎ ነው፤ ሲጨልም በደም ውስጥ የሚበዛው ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን ይህን ሥራውን ያዳክምበታል። የሌሊቱ እንጀራ ስኳሩ ከፍ የሚልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይህ ልዩነት በሰው ላይ ተሞክሯል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 19 ጤነኛ ወጣቶችን ለ14 ቀናት በቤተ ሙከራ አስቀምጦ የሌሊት ሠራተኛ ኑሮ እንዲኖሩ አደረገ። ሁሉም ሌሊት ነቅተው ቀን ተኙ። ከፊሎቹ እንደ ብዙው የሌሊት ተረኛ ቀንም ሌሊትም በሉ፤ የቀሩት ቀን ብቻ በሉ። ሌሊትም የበሉት ወጣቶች በደማቸው ያለው ስኳር በአማካይ በ6.4 ከመቶ ጨመረ፤ ቀን ብቻ በበሉት ላይ ይህን የመሰለ ጭማሪ አልታየም። በዓመቱ ከዚያው ሙከራ የወጣ ሌላ ጽሑፍ ሌሊትም ሲበሉ በነበሩት ላይ የድብርት ስሜት በ26 ከመቶ፣ የጭንቀት ስሜት ደግሞ በ16 ከመቶ እንደ ጨመረ፣ በሌሎቹ ላይ ግን እንዳልጨመረ ገለጸ። ሰዎቹ ጥቂት፣ ወጣትና ጤነኛ ነበሩ፤ ልጅ ማሳደግ፣ ወፍጮ ቤት መሄድ፣ ለቅሶ መድረስ አልነበረባቸውም። ስለዚህ ውጤቱን ለሁሉም ሰው ልክ አድርጎ መውሰድ አይገባም። የሚያመለክተው አቅጣጫ ግን ግልጽ ነው፦ ሥራው ወደ ሌሊት ቢዛወርም ገበታው በተቻለ መጠን ቀን ላይ ይቆይ።

ይህን ሸሕዲ ላይ አምጥቶ መፈተሽ ይቻላል። ሸሕዲ፣ በሌላ ስሟ ገንዳ ውኃ፣ ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስና ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት፤ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫም ናት። እዚህ ሌሊት የሚሠራው ብዙ ነው። የሆስፒታል ነርስና አዋላጅ፣ የመጋዘን ጥበቃ፣ ሊጥ የሚያቦካ የዳቦ ቤት ሠራተኛ፣ ጭነት ይዞ ድንበር የሚጠብቅ ሾፌር፣ በሰሊጥ አጨዳ ወራትም ታጭዶ የተከመረውን ሰሊጥ ሲጠብቅ የሚያድር ሰው አለ። የሁሉንም የሌሊት ውሎ የሚያከብድ አንድ ነገር ደግሞ የአገሩ ሙቀት ነው። ደጋ ያለ የሌሊት ተረኛ ጠዋት ቤቱ ገብቶ ብርድ ልብስ ለብሶ ሊተኛ ይችላል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት በሸሕዲ ግን ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ቆርቆሮው መጋል ይጀምራል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሙቀቱ እስከ 40 ዲግሪ ይደርሳል። እንቅልፍ እንዲመጣ የሰውነት የውስጥ ሙቀት ዝቅ ማለት አለበት። ከባድ ቁርስ በልቶ የጋለ ቆርቆሮ ሥር የሚተኛ ሰው ከውጭም ከውስጥም ይሞቃል፤ ምግብ መፍጨት በራሱ ሙቀት የሚያወጣ ሥራ ነውና።

ማታ 12 ሰዓት ገብታ ጠዋት 2 ሰዓት የምትወጣ አንዲት ነርስ እንበል። ቤቷ ቅርብ ከሆነና ገበያ ሳትዞር ከገባች 3 ሰዓት ላይ ልትተኛ፣ 9 ሰዓት ላይም ልትነሣ ትችላለች። በዚህ አቆጣጠር የቀኗ ዋና ምግብ የሚውልበት ትክክለኛ ቦታ 11 ሰዓት አካባቢ፣ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ነው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ቆሽቷና ጉበቷም ገና በቀን ሥራቸው ላይ ናቸው። ምግቡም ከምድጃ የወረደ ትኩስ ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በቆላ አገር ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቀመጥ ይመክራል። 11 ሰዓት ላይ በሳህን ተቋጥሮ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚከፈት ሥጋ ወጥ ግን ለ9 ሰዓት ያህል በሙቅ ክፍል ቆይቷል። ጠረኑ ሳይለወጥ ሆድ ሊያበላሽ ይችላል፤ በማግሥቱ ተቅማጥ ይዟት ከእንቅልፏ የተነሣች ሠራተኛም ጥፋቱን ከድካም ልትቆጥረው ትችላለች።

በዚህ ዋና ምግብ ላይ የሚቀርበው ከአካባቢው ጓዳ ርቆ የሚፈለግ አይደለም። ሆድ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚፈጭና ለረጅም ጊዜ የሚይዝ እህል ያስፈልጋል፤ የቆላው ማሽላ ደግሞ ለዚህ ይስማማል። የማሽላ ገለባ ካልተፈተገ የማሽላ እንጀራ ከነጭ የፉርኖ ዳቦ ይልቅ ቀስ ብሎ ይፈጫል። ሆኖም ማሽላ ብቻውን ጉድለት አለበት። ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ይህን የሚሞላው ጥራጥሬ ነው። ስለዚህ የማሽላ እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ ሲበላ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይደፍናል። የመተማ ሰው የሚወደው ወይካ፣ ማለትም ደርቆ የተፈጨ ባሚያ የገባበት ወጥ፣ እዚህ ላይ ጥሩ ጓደኛ ነው፤ የሚያዝለገልገው የባሚያ ፈሳሽ ስኳር ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። አንድ እንጀራ፣ የሚበቃ የምስር ወይም የወይካ ወጥ፣ ሥጋ ወይም እንቁላል ከተገኘ ከዚያ ጥቂት፣ ከጎኑ ቲማቲም ወይም ጎመን። ጥጋብ እስኪያስተኛ ድረስ ግን መብላት አይገባም። በዚህ ገበታ ላይ የሚጎዳው ዘይቱ ነው። በዘይት የተንሳፈፈ ወጥ ጨጓራ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ሠራተኛዋም ሌሊት በሽተኛ ለማንሣት ባጎነበሰች ቁጥር ቃር ወደ ጉሮሮዋ ይወጣል።

9 ሰዓት ላይ እንደ ነቃች ደግሞ ውኃና ትንሽ ነገር ይበቃታል፤ ሙዝ ወይም ማንጎ፣ ካልሆነም ቁራሽ ዳቦ። ስትነሣ አጥግባ ከበላች 11 ሰዓት ላይ አይርባትም፤ ዋናው ምግብ ሳይበላ ወደ ሥራ ትሄዳለች፣ ረሃቡም ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ በማይገባው ሰዓት፣ ይመጣል። የብዙ ተረኞች ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሌሊት የሚበሉት ሌሊት መብላት ወደው ሳይሆን ማታ ሳይበሉ ስለገቡ ነው።

ሌሊቱ ራሱ በሁለት ይከፈላል። እስከ 6 ሰዓት ያለው ክፍል ለትንሽ ምግብ ቦታ አለው። 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ወይም ለውዝ መብላት ይቻላል። እነዚህ ደረቅ ስለሆኑ በሙቀት እንደ ወጥ አይበላሹም፤ ቆሎውና ለውዙ ስለሚታኘኩ እንቅልፍ ይከለክላሉ፤ ሆድንም አይጭኑም። በሰሊጥ ማሳ ዳር የሚያድር ጠባቂም በሶ በጥብጦ የሚጠጣው በዚህ ሰዓት ቢሆን ከሌሊት 9 ሰዓት ይልቅ ይጠቅመዋል። ከ6 ሰዓት በኋላ እስከ ንጋት 12 ሰዓት ድረስ ግን ሆድ ቢያርፍ ይሻላል። ይህ ስድስት ሰዓት ነው፤ ማታ በሚገባ ለበላ ጤነኛ ሰው የሚከብድ አይደለም።

የሚያስቸግረው ከሌሊቱ 10 እስከ 11 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። የሰውነት ሙቀት ከሁሉም ሰዓት ዝቅ የሚለው ያኔ ነው። ቆላ ውስጥ እንኳ ሰው ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ዓይኑ ይቃጠላል፣ ስህተትም የሚበዛው በዚህ ሰዓት ነው። ሰውነቱ የሚጠይቀው እንቅልፍ ነው፤ ሰው ግን ረሃብ ይመስለዋል። የሚለይበት መንገድ አለ። እውነተኛ ረሃብ ማንኛውንም ምግብ ይቀበላል፤ ደረቅ ቆሎም ቢሆን ይጥመዋል። ድካም የወለደው ረሃብ ግን ጣፋጭ ነገር ነው የሚመርጠው፤ ብስኩት፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ፣ የታሸገ ለስላሳ። ውኃ ጠጥቶ፣ ፊት ታጥቦ፣ ደማቅ መብራት ባለበት ግቢ 10 ደቂቃ ተመላልሶ የጠፋ ረሃብ ረሃብ አልነበረም። ያን ጊዜ የተጠጣ ስኳራም ሻይ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያነቃል፤ ከዚያ የባሰ መዛል ያመጣል፤ ሁለተኛም ብርጭቆ ያስፈልጋል። ሌሊቱን ሙሉ በዚህ የሚገፋ ሰው ማታ ከበላው በላይ ስኳር ሳያውቀው ይጠጣል። ከርከዴም ያው ነው፤ ቀዩ አበባ ራሱ የሚጎዳ አይደለም፣ የሚጨመርበት ስኳር ግን ከሻዩ አያንስም። ያለ ስኳር ወይም በጥቂቱ ብቻ ጣፍጦ ከቀረበ ግን ለሌሊት ጥሩ መጠጥ ነው፤ ካፌይን የለውም።

ውኃን በተመለከተ የቆላው ሕግ ከደጋው ይለያል። ድካም፣ ራስ ምታትና የትኩረት ማጣት አንዳንድ ጊዜ የእንቅልፍ እጦት ሳይሆኑ የውኃ ጥም ናቸው። መመዘኛው ቀላል ነው፤ ሽንት እንደ ቀጭን ሻይ ከጠቆረ ውኃ አንሷል፣ ነጣ ያለ ገለባ ከመሰለ በቂ ነው። ከማታ ጀምሮ ጥቂት ጥቂት እያሉ ሌሊቱን ሙሉ መጠጣት፣ ጠዋት ከ1 ሰዓት በኋላ ግን መቀነስ ያስፈልጋል። ተጠምታ አድራ ከሥራ ስትወጣ ሁለት ሊትር በአንድ ጊዜ የምትጠጣ ሠራተኛ ረፋድ ላይ ለሽንት ትነቃለች፤ ቤቱ በዚያ ሰዓት ስለሚሞቅም ተመልሳ መተኛት ይቸግራታል።

ቡና የሌሊት ሥራ የልብ ወዳጅ ነው፤ ሰዓቱን ካልጠበቀ ግን የቀን እንቅልፍ ጠላት ይሆናል። ሰው ነቅቶ በቆየ ቁጥር አንጎሉ ውስጥ አዴኖሲን የሚባል የድካም ምልክት ይጠራቀማል። ካፌይን ምልክቱ የሚቀመጥበትን ወንበር ቀድሞ ይይዝበታል እንጂ ድካሙን አያስወግደውም። ከሰውነት ለመውጣትም ጊዜ ይፈልጋል፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ግማሹ የሚወጣው ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። በአንዳንዱ ሰው ከዚያ ይፈጥናል፣ በነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ በጣም ይዘገያል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የወጣ ጥናት ከአራት ትልልቅ ስኒ ቡና የሚገኘውን ያህል ካፌይን ከመተኛት 6 ሰዓት በፊት የወሰዱ ሰዎች ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ እንዳጡ አሳይቷል። 3 ሰዓት ላይ ለምትተኛ ነርስ ይህ ማለት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መጠጣት እንኳ ዘግይቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ስኒ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሊያልፍ አይገባም። አቦሉ ማታ 2 ሰዓት፣ ቶናው 5 ሰዓት፣ በረካው 7 ሰዓት ላይ ቢሆን ሌሊቱ ይሸፈናል፤ ጀበናው በአንድ መቀመጫ ከሚያልቅ በትንሽ በትንሹ መከፋፈሉ ይሻላል። ንጋት ላይ ከሥራ ሲወጣ «እንቅልፌን ላባርር» ብሎ የሚጠጣ ቡና ግን በትክክል እንደ ስሙ እንቅልፉን ያባርራል።

ሥራው የሚፈቅድ ከሆነ አንድ ጥበብ አለ። ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ወዲያው 20 ደቂቃ ጋደም ማለት ነው። ካፌይኑ ሥራውን የሚጀምረው በዚያው ልክ ጊዜ ወስዶ ስለሆነ፣ ሰው ሲነቃ እንቅልፉም ቡናውም አብረው ያግዙታል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ከተኙ ግን ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ገብቶ ግራ እየተጋቡ መነሣት ይመጣል፤ ለነርስ ይህ አደገኛ ነው። ስለ ቡና ሌላ ነገርም አለ። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ከተጠጡ በጥራጥሬና በጎመን ውስጥ ያለው ብረት በሰውነት እንዳይያዝ ያደርጋሉ። የወር አበባ ለሚያዩ ሴት ተረኞች የብረት ማነስ ራሱ የድካም ምንጭ ስለሆነ፣ ከ11 ሰዓቱ ምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይጠጡ መቆየት ይጠቅማቸዋል።

ጫትን በዚህ ሰዓት ሰሌዳ ውስጥ ማስገባት አይቻልም። የሚያነቃው ካቲኖን ረሃብን ይዘጋል፤ ማታ 11 ሰዓት ላይ የቃመ ሾፌር ወይም ጠባቂ ዋናውን ምግብ ሳይበላ ይቀራል። ምርቃናው ሲወርድ ሌሊቱ ሳያልቅ ድብርት ይይዘዋል፣ ሲነጋም እንቅልፉ ይርቃል። ጠዋት ላይ «እንቅልፍ አልመጣልኝም» ብሎ ደግሞ መጠጥ ወደሚሸጥበት የሚዞር ሰው አለ። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፤ የእንቅልፉን ሁለተኛ ክፍል ግን ይበጣጥሰዋል፣ ማንኮራፋትንም ያባብሳል። ሁለቱ አንዱ የሌላውን ጉዳት እያካካሰ የሚቀጥል ክብ ናቸው፤ የሾፌርን ነፍስም የሚያስከፍል ነው።

ጠዋት ከሥራ ስትወጣ የሚበላው ምግብ ሁለት ነገር ሊያሟላ ይገባል፦ ረሃብ ከእንቅልፍ እንዳይቀሰቅስ መከልከል፣ ግን ሆድን አለመጫን። የመተማ ጠዋት በዘይትና በሽንኩርት የተለወሰ የሱዳን ፉል በዳቦ ነው፤ ጣዕሙን ማንም አይክድም። ባቄላው ጥሩ ነው፤ አንድ ሳህን ሙሉ ፉል በብዙ ዘይት በልቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መተኛት ግን ቃርና የሆድ መነፋት ያመጣል። የሳህኑ ሲሶ ያህል፣ ዘይቱ ቀንሶ፣ ከግማሽ ዳቦ ጋር ይበቃል። ካልሆነም አንድ ኩባያ የማሽላ አጥሚት ወይም እርጎ ከቁራሽ ዳቦ ጋር ይሆናል። ቃር ያለበት ሰው በልቶ ወዲያው ከመጋደም ፋንታ ትንሽ ቁጭ ብሎ፣ ከዚያ ትራሱን ከፍ አድርጎ በግራ ጎኑ ቢተኛ ይሻለዋል። በሸሕዲ ግን ጊዜው ጠባብ ነው፤ ቤቱ ከመጋሉ በፊት መተኛት የግድ ነው። ስለዚህ ቁርሱ ሥራ ቦታ ላይ፣ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢበላ፣ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ለጨጓራው ጊዜ ይሰጠዋል። በመንገድ ላይ ባርኔጣ መድፋት ወይም ነጠላ ፊት ላይ ሳብ ማድረግ የጠዋቱን ፀሐይ ከዓይን ይከለክላል፤ የፀሐይ ብርሃን ለአንጎል «ቀን ነው» የሚል ትዕዛዝ ነውና።

ይህ ሁሉ ጾም ሲመጣ ይለወጣል። ብዙ ሰው የሚጨነቀው በጾም የሌሊት ሥራ እንዴት ይቻላል ብሎ ነው፤ በሥርዓቱ ውስጥ ግን ለሌሊት ተረኛ የሚስማማ ነገር አለ። የኦርቶዶክስ ጾመኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀን 9 ሰዓት ከምግብ ይከለከላል። ሌሊት ለሚሠራ ሰው ሆዱ ሊያርፍበት የሚገባው ሰዓት ያው ነው፤ ከእንቅልፉ የሚነሣበት 9 ሰዓትም ጾሙ የሚፈታበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በዐቢይ ጾም ነርሷ ቀን 9 ሰዓት ላይ ነቅታ ጾሟን ትፈታለች፤ 11 ሰዓት ላይ በሚገባ ትበላለች፤ ከ6 ሰዓት በፊት ቆሎዋን ትቆረጥማለች። ከምግብ በኩል የሚጎድለው የጠዋቱ ቁርስ ብቻ ነው። ይህን ለማካካስ የ11 ሰዓቱ ገበታ ላይ የሚቆይ ነገር መጨመር ያሻል፤ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ወይም ከአገሩ ሰሊጥ የተፈጨ ጥቂት። እነዚህ በውስጣቸው ያለው ስብ ረሃብን ያዘገያል። ወጡ ሥጋ ስለሌለው የምስሩና የሽሮው መጠን ከሌላው ቀን ከፍ ይበል። ከባዱ ውኃው ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ውኃም ሳይቀምሱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ቀን 9 ሰዓት መቆየት፣ በተለይ በሽተኛ እያነሡ፣ ሰውን ሊያዞርና ሊጥል ይችላል። ነፍሰ ጡር፣ የሚያጠቡና መድኃኒት የሚወስዱ ሠራተኞች ይህን ከንስሐ አባታቸው ጋር አስቀድመው መነጋገር አለባቸው።

የረመዳን ጾም በተቃራኒው ቀኑን ዘግቶ ሌሊቱን ይከፍታል። ከላይ የተባለው «ቀን ብሉ» የሚለው ነገር እዚህ አይሠራም፤ በግድ ማሠራትም አይገባም። በዚህ ወር ትልቁ ምግብ ኢፍጣር ላይ፣ ፀሐይ እንደ ጠለቀች ይሁን፤ በቴምርና በውኃ ተጀምሮ፣ ሾርባ ተጨምሮ፣ ቆየት ብሎ ዋናው ምግብ ይቀርባል። ሱሑሩ፣ ጎህ ሳይቀድ የሚበላው፣ ትንሽና ቀስ ብሎ የሚፈጭ ይሁን፤ የማሽላ ገንፎ ወይም ፉል፣ ጨው ያልበዛበት፣ ውኃ የተጨመረበት። በኢፍጣርና በሱሑር መካከል ሌሊቱን ሙሉ ጣፋጭ እየቀመሱ ማደር ነው ሰውነትን የሚያደክመው።

ከዚህ ምክር ውጪ የሚሆኑ ሰዎች አሉ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ስኳር የሚቀንስ ኪኒን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ሌሊቱን ሳይበላ ማደር የለበትም፤ መድኃኒቱ ሥራውን ሲቀጥል ምግቡ ቢቀር የደሙ ስኳር ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ድንገት ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የንግግር መወሳሰብ ከታየ ያ ድካም አይደለም። ወዲያው ስኳር ያለው ነገር መስጠት፣ ከዚያም ምግብ ማስከተል ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ከሐኪሙ ጋር ለሌሊት ተራ አስተካክሎ ነው ሥራ የሚገባው። የጨጓራ ቁስለት ያለበትም ባዶ ሆዱን ለረጅም ጊዜ መቆየት ሊያሳምመው ስለሚችል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቁራሽ ዳቦ መቅመሱ ሥርዓት ማፍረስ አይሆንም።

ተራው ሲያልቅና ዕረፍት ሲመጣ ሰውነት ወደ ቀኑ መመለስ አለበት። ከመጨረሻው ሌሊት በኋላ ያለው ጠዋት እስከ 9 ሰዓት የሚተኛበት አይደለም። ከ3 እስከ 6 ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ተኝቶ መነሣት፣ 7 ሰዓት ላይ ከቤተሰብ ጋር ምሳ መብላት፣ ከምሳው በኋላ ቡና አለመጠጣት፣ አመሻሹ ላይ በደጅ ፀሐይ ማግኘት ያስፈልጋል። እራት ማታ 1 ሰዓት ላይ ቀለል ብሎ ይበላል፤ 3 ሰዓት ሲሆንም እንቅልፉ ራሱ ይመጣል። ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት ብቻ የሚገባ ተረኛ ደግሞ የምግብ ሰዓቱን ጨርሶ መገልበጥ አያስፈልገውም፤ ምሳውን በምሳ ሰዓት፣ እራቱን በእራት ሰዓት ይብላ፣ ሌሊቱን ውኃ ይጠጣ።